አንዱን እየቀዱ ሌላውን ማየት፦ በዲሽ ሪሲቨር ላይ ቀረጻን በሰዓት ማዘዝ

ሪሲቨሩ አንድ ቻናል እየቀዳ ሌላ ቻናል ያሳያል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሻጩ «አዎ» ይላል፣ የገዛው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «አይሠራም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቤታችን ያሉት ነጻ ቻናል የሚያሳዩ ሪሲቨሮች አብዛኞቹ አንድ ቱነር ብቻ አላቸው፤ አንድ ቱነር ያለው ሪሲቨር ደግሞ አንዳንድ ቻናሎችን ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ ሌሎቹን ፈጽሞ አያስኬድም። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ካወቁ የቀረውን ከሪሞቱ ጋር ትንሽ በመታገል ይጨርሱታል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዩኤስቢ መሰኪያ ኖሮት ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሀርድ ዲስክ ለሚቀዳ ተራ ሪሲቨር ነው። የሜኑው ቃላት ከሪሲቨር ሪሲቨር ትንሽ ይለያያሉ፣ አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ፦ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ናቸው?

ከሳተላይት የሚወርደው ሲግናል ቻናል በቻናል ተነጣጥሎ አይመጣም። ብዙ ቻናሎች ተጠቅልለው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳሉ። የሪሲቨሩ ቱነር በአንድ ጊዜ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ይይዛል፤ ከያዘው ጥቅል ውስጥ ግን አንዱን ቻናል ለቴሌቪዥኑ፣ ሌላውን ለፍላሹ ነጥሎ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ የሚቀዳውና የሚታየው ቻናል አንድ ጥቅል ውስጥ ካሉ ሁለቱም ይሄዳሉ። በተለያየ ጥቅል ከሆኑ ቱነሩ ወደ አንዱ ለመሄድ ሌላውን መልቀቅ አለበት፣ ቀረጻውም እዚያው ላይ ይቋረጣል። ይህን በሜኑ ማስተካከልም ሆነ በሶፍትዌር ማሻሻል አይቻልም፤ የዕቃው ወሰን ነው።

ለማወቅ፣ የሚቀዳውን ቻናል ከፍተው ሪሞቱ ላይ Info ወይም i የሚለውን ይጫኑ። አንዳንዱ ሪሲቨር በአንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሁለቴ ሲጫኑት ዝርዝሩን ያወጣል። እንዲህ የሚመስል መስመር ያገኛሉ፦

```
11105 H 45000
```

የመጀመሪያው ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ነው፤ H ወይም V የሚለው ፖላራይዜሽኑ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሲምቦል ሬቱ። አጠገቡ የሳተላይቱ ስም አለ። ይህን ወረቀት ላይ ይጻፉት። ከዚያ በዚያ ሰዓት ሊያዩ የሚያስቡትን ቻናል ከፍተው እንደዚያው ያድርጉ። ሳተላይቱም፣ ፍሪኩዌንሲውም፣ ፖላራይዜሽኑም አንድ ከሆኑ ሥራው ያለቀ ያህል ነው። አንዱ ቻናል ከኢትዮሳት፣ ሌላው ከናይልሳት ከሆነ ግን በአንድ ቱነር አይሞከርም። ሁለት ኤልኤንቢ መኖሩም አይረዳም፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ስዊች በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

ልዩነት ካገኙ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት የቻናሉን ስም በዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉት። አንዳንድ ቻናል ሁለት ቦታ ይገኛል፤ አንዱ በኤችዲ ሌላው በተራ ጥራት፣ ወይም አንዱ በአንድ ሳተላይት ሌላው በሌላ። ከሁለቱ አንደኛው እርስዎ የሚፈልጉት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሊሆን ይችላል። ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም ሁለቱን ፕሮግራም ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ነው።

አንድ ጊዜ ካጣሩ በኋላ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያሉትን ቻናሎች በአንድ የFAV ዝርዝር ውስጥ ቢያስገቧቸው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። ቀረጻ ሲኖር ቤተሰቡ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። ቻናሎች ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀይሩ፣ አዲስ ስካን ባደረጉ ቁጥር ዝርዝሩን መልሰው ያጣሩት።

የሚቀዳበት ዕቃ

ከሁሉ በፊት ሪሲቨሩ መቅዳት መቻሉን ያረጋግጡ። ዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ሁሉ አይቀዳም፤ አንዳንዱ መሰኪያውን ለሶፍትዌር መጫኛና ለሙዚቃ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ፍላሽ ሰክተው ሪሞቱ ላይ ያለውን ቀይ ክብ ወይም Rec የሚለውን ይጫኑ። መቅዳት ከጀመረ ይችላል። «USB አልተገኘም» የሚል ዓይነት መልእክት ካመጣ ፍላሹን በሌላ ይሞክሩ። ምንም ምላሽ ከሌለና በሜኑው ውስጥ PVR ወይም DVR የሚል ነገር ከጠፋ፣ ሪሲቨሩ አይቀዳም ማለት ነው።

ስንት ጊጋባይት ያስፈልጋል? ሪሲቨሩ ምስሉን ሳይነካው፣ ከሳተላይት እንደመጣ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ የፋይሉን መጠን የሚወስነው ጣቢያው የሚልክበት ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሆነ ቻናል በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ 8 ሜጋቢት የሆነ የኤችዲ ቻናል 3.6 ጊጋባይት። የራስዎን ለማወቅ 10 ደቂቃ ቀድተው የፋይሉን መጠን በ6 ማባዛት ይበቃል። 32 ጊጋባይት ፍላሽ ለአንድ ሁለት ፊልምና ለአንድ ጨዋታ አይጠብም። ተከታታይ ድራማ ለሚያጠራቅም ግን ሀርድ ዲስክ ይሻላል።

ሀርድ ዲስክ ሲሰኩ የኃይል ነገር አለ። ተራው የሪሲቨር ዩኤስቢ 500 ሚሊአምፔር አካባቢ እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሀርድ ዲስኩ ግን ሲነሳ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ኃይሉ ሲያንሰው ቀስ ብሎ «ጭጭ» እያለ ይነሳል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይነሳል፤ ወይም ሪሲቨሩ ራሱ ጠፍቶ ይበራል። ይህን ካዩ የራሱ ቻርጀር ያለው ዲስክ፣ ወይም ከቻርጀር ጋር የሚሠራ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ያስፈልግዎታል።

ፎርማቱን በኮምፒውተር ሳይሆን በሪሲቨሩ በራሱ ሜኑ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ያኔ ሪሲቨሩ የሚያውቀው ቅርጽ እንደሆነ እርግጠኛ ይሆናሉ። በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይርሱ። FAT32 በሁሉም ይሠራል፣ ነገር ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ደህና ሪሲቨር 4 ጊጋባይት ሊሞላ ሲል ፋይሉን ቆርጦ ሌላ ይጀምራል፤ ሲያጫውቱት እንደ አንድ ያሳየዎታል። ደካማው ሪሲቨር ግን እዚያው ያቆማል። ፊልሙ ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው አካባቢ ከተቆረጠ፣ የፋይሉም መጠን 4 ጊጋባይት ከተጠጋ፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ሪሲቨሩ የሚቀበል ከሆነ NTFS ይህን ችግር ያስወግደዋል፤ ሆኖም NTFSን ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ የማይችል ሪሲቨር ስላለ አጭር ቀረጻ ሞክረው ይዩ።

ስለ ርካሽ ፍላሽ አንድ ነገር፦ ላዩ ላይ 128 የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ከ8 ወይም ከ16 የማይበልጥ ፍላሽ ገበያ ላይ ሞልቷል። ኮምፒውተር ላይ 128 ብሎ ያሳያል፤ ችግሩ የሚታየው እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ነው። መጀመሪያ የተቀዱት ደህና ይጫወታሉ፣ ቆየት ብሎ የተቀዳው ፋይል ስሙ ይኖራል፣ ሲከፈት ግን ጥቁር ነው። ፍላሹን አምነው ሰርግ የሚያህል ነገር ከመቅዳትዎ በፊት በፋይል ሞልተው፣ የመጨረሻውን ፋይል ከፍተው ይሞክሩት።

የሪሲቨሩ ሰዓት

የከሸፉ ቀረጻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም የሚያገኘው ከሳተላይት ነው።

ሜኑ ውስጥ ገብተው Local Time Setting ወይም Time የሚለውን ይክፈቱ። GMT Usage የሚለውን User Define ያድርጉትና GMT Offset ላይ +03:00 ያስገቡ። Summer Time ኢትዮጵያ ውስጥ Off ነው መሆን ያለበት፤ On ከሆነ ሁሉ ነገር በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ከዚያ ወጥተው በሪሲቨሩ ላይ የሚታየውን ሰዓት ከስልክዎ ጋር ያስተያዩ።

አንዳንድ ፍሪኩዌንሲ የተሳሳተ ሰዓት ይልካል። ቻናል ሲቀይሩ የሪሲቨሩ ሰዓት አብሮ የሚዘል ከሆነ ይህ ነው የሚሆነው። እንዲህ ሲያጋጥም GMT Usage Off አድርገው ቀኑንና ሰዓቱን በእጅዎ ይሙሉ። ይህ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ስለሌላቸው መብራት ሄዶ ሲመጣ በእጅ የተሞላው ሰዓት ይጠፋል። ስለዚህ ከሳተላይት የሚመጣው ሰዓት ትክክል የሆነበትን መንገድ ቢመርጡ ይሻላል፤ በእጅ መሙላት ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው።

ከእኛ ሰዓት ወደ ሪሲቨሩ ሰዓት ለመቀየር፦ ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 12 ባለው ላይ 6 ይደምራሉ። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ይደምራሉ፤ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል 20:30 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ጀምሮ እስከ ንጋት 12 ባለው ላይ 6 ይቀንሳሉ፤ ሌሊት 7 ሰዓት 01:00 ነው።

ከሌሊቱ 6 ጀምሮ ባለው ላይ ቀኑም ይቀየራል። እኛ «የቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት» ስንል ቅዳሜ አምሽቶ የሚመጣውን ማለታችን ነው፤ ለሪሲቨሩ ግን ያ እሑድ 01:00 ነው። ቅዳሜ 01:00 ብለው ከሞሉ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ዓርብ አምሽቶ ይቀዳል፤ ወይም ሰዓቱ ያለፈ ስለሆነ አይቀበልም። ቀኑን ሲሞሉ የስልክዎን የፈረንጅ ካላንደር ከፍተው አጠገብዎ ያድርጉት።

ትዕዛዙን መሙላት

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አለ፤ በዚያው ሰዓት ቤተሰቡ በሌላ ቻናል ፊልም ማየት ይፈልጋል። ሁለቱ ቻናሎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ መሆናቸው ተጣርቷል።

ጨዋታው በሪሲቨሩ ሰዓት 23:00 ይጀምራል። ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ የሚጨመረው ደቂቃ፤ ሁሉ ተደምሮ 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ከ5 ደቂቃ በፊት ማስጀመርና ወደ ኋላ ግማሽ ሰዓት መተው ደህና ነው፤ ስለዚህ ጅማሬው 22:55፣ ርዝመቱ 2:30 ይሆናል። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከሆነ ግን 30 ደቂቃ ተጨማሪና የፍጹም ቅጣት ምት ሊመጣ ስለሚችል 3:30 ይስጡት። ትርፉን መሰረዝ ቀላል ነው። የቅጣት ምቱ ሊጀመር ሲል ያቆመ ቀረጻ ግን ባይኖር ይሻላል።

ሜኑ ውስጥ Timer ወይም Timer Setting የሚለውን ይክፈቱና ባዶ መስመር መርጠው OK ይበሉ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቅጽ እንዲህ ይሞላል፦

```
Timer Mode      : Once
Timer Service   : Record
Wakeup Channel  : (የሚቀዳው ቻናል)
Wakeup Date     : (የቅዳሜው ቀን)
On Time         : 22:55
Duration        : 02:30
```

ትልቁ ወጥመድ Timer Service ላይ ነው። ብዙ ሪሲቨር ሲከፈት Channel የሚል ይዞ ይጠብቃል፤ ያ ማለት ሰዓቱ ሲደርስ ወደዚያ ቻናል ይሄዳል እንጂ አይቀዳም ማለት ነው። «በሰዓቱ ተነስቶ በርቷል፣ ፍላሹ ላይ ግን ምንም የለም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። Record መሆኑን አይተው ብቻ ይለፉ። ሪሲቨሩ ቻናልን ብቻ የሚያውቅ ከሆነና Record የሚል ምርጫ ከሌለው፣ መቅዳት የሚችለው ሰው ቁልፉን ሲጫን ብቻ ነው።

አንዳንዱ ሪሲቨር በ Duration ፋንታ End Time ይጠይቃል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት የሚያልፍ ቀረጻ ላይ እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ መጨረሻው 01:25 ስለሆነ ከ22:55 ያነሰ ይመስላል። ብዙዎቹ ወደ ማግስቱ መሆኑን ራሳቸው ይረዱታል፤ «የተሳሳተ ሰዓት» ብሎ ካልተቀበለ ግን ሁለት ትዕዛዝ መስጠት ግድ ይሆናል፣ አንዱ ከ22:55 እስከ 23:59፣ ሌላው በማግስቱ ቀን ከ00:00 እስከ 01:25። በመካከል የምትጠፋው አንድ ደቂቃ በዕረፍቱ ሰዓት አካባቢ ስለምትውል ብዙ አትጎዳም።

በየሳምንቱ ለሚመጣ ድራማ Weekly፣ ለዕለት ዜና Daily ያድርጉት። ሲጨርሱ Save የሚለውን ወይም ሲወጡ የሚመጣውን Yes ይጫኑ፤ ሳያስቀምጡ Exit ማለት የተሞላውን ሁሉ ያጠፋዋል። ተመልሰው ገብተው ትዕዛዙ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ይዩ።

በ EPG በኩል ማዘዝም ይቻላል፤ የፕሮግራሙን ዝርዝር ከፍተው የሚፈልጉት ላይ ቆመው Timer የተባለውን ባለቀለም ቁልፍ መጫን ነው። ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ጣቢያው የላከው ሰዓት ሲዘገይ ቀረጻውም አብሮ ይሳሳታል፤ ብዙ ቻናልም ዝርዝሩን ጭራሽ አይልክም። በዚህ መንገድ ካዘዙ በኋላ የ Timer ዝርዝር ውስጥ ገብተው ፊትና ኋላውን ማስረዘም አይዘንጉ።

ሁለት ቀረጻ ተከታትለው ሲመጡ የተጨመረው ደቂቃ ያጋጫቸዋል። የመጀመሪያው እስከ 21:15 ተራዝሞ ሁለተኛው 20:55 ላይ ከጀመረ 20 ደቂቃ ተደራርበዋል። ሁለቱም በአንድ ቻናል ከሆኑ አንድ ረጅም ትዕዛዝ ይስጡ። በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ከሆኑ ከሁለቱ የትኛው ይቆረጥ የሚለውን ራስዎ ይወስኑ፤ ካልወሰኑ ሪሲቨሩ ይወስንልዎታል።

ሰዓቱ ሲደርስ

ሪሲቨሩን በሪሞት ማጥፋት ይቻላል፤ ያ ስታንድባይ ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይነሳል። ቴሌቪዥኑም ቢጠፋ ለቀረጻው ችግር የለውም። ከሶኬት መንቀል ወይም የዲቫይደሩን ማጥፊያ መጫን ግን አይቻልም። ማታ ማታ ሁሉን ከዲቫይደሩ የማጥፋት ልማድ ያለበት ቤት ይህን ለሁሉም መናገር አለበት።

በስታንድባይ ሳለ መብራት ሄዶ ቢመለስስ? ትዕዛዙ ተቀምጦ ስላለ አይጠፋም። የሚጠፋው ሰዓቱ ነው። በርቶ የሚመለስ ሪሲቨር ከሳተላይቱ ሰዓቱን መልሶ ይወስድና ይቀዳል፤ በስታንድባይ የሚመለሰው ግን ሰዓቱን ሳያውቅ ተቀምጦ ያድራል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማየት ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ይሰኩት። በስታንድባይ የሚመለስ ከሆነና አካባቢዎ መብራት የሚመላለስበት ከሆነ፣ ሪሲቨሩን ሳያጠፉ፣ በሚቀዳው ቻናል ላይ ትተው ቴሌቪዥኑን ብቻ ማጥፋት ይሻላል፤ በብዙዎቹ ላይ እንዲህ የተተወ ሪሲቨር በርቶ ነው የሚመለሰው። በቀረጻው መካከል መብራት ከሄደ ግን የተቀዳው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፣ ቀሪው ይጠፋል።

አሁን 22:55 ሆነ እንበል፤ ቤተሰቡ ፊልሙ ላይ ነው። ሪሲቨሩ የሚቀዳው ቻናል ላይ ይዘላል፣ ማዕዘን ላይ ቀይ ምልክት ወይም የሚቆጥር ሰዓት ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ይደነግጣል። 10 ሰከንድ ያህል ይታገሱና የቻናል ዝርዝሩን በ OK ከፍተው ፊልሙን ይምረጡ። ሁለቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሆኑ ፊልሙ ይመለሳል፣ ቀረጻውም ከኋላ ይቀጥላል። አንዳንድ ሪሲቨር በዚህ ጊዜ ዝርዝሩን አሳጥሮ የሚቻሉትን ቻናሎች ብቻ ያሳያል። ሌላው ሁሉንም ያሳይና የማይቻለውን ሲነኩ ቀረጻው ይቁም ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጥያቄው መልስ አስቀድሞ Yes ላይ ቆሞ የሚጠብቅባቸው ሪሲቨሮች አሉ፣ ሰውም በልማድ OK ይጫናል፤ ቀረጻው በዚያች ንክኪ ያልቃል። No ወይም Exit ነው የሚጫኑት።

በ CH+ እና CH− ከመዞር ይልቅ መጀመሪያ የሠሩትን የFAV ዝርዝር ይጠቀሙ። ቀረጻው በትክክል መሄዱን ለማወቅ ደግሞ ፍላሹ መብራት ካለው ብልጭ ድርግም ማለቱን፣ ወይም Info ሲጫኑ የቀይ ምልክቱን መኖር ይዩ። ቀደም ብሎ የተቀዳ ፊልም ከፋይል ዝርዝሩ ከፍቶ ማየትም በብዙዎቹ ይቻላል፤ ይህ ቱነሩን ስለማይነካ የፍሪኩዌንሲ ጥያቄ የለበትም። ደካማ ፍላሽ ግን በአንድ ጊዜ መጻፍና ማንበብ ይከብደዋል፤ የሚያዩት እየተንቀጠቀጠ ከመጣ የሚቀዳውም እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ማየቱን ያቁሙ።

ፍሪኩዌንሲያቸው ሲለያይ

ሁልጊዜ የሚያስፈልግዎት ሁለት ቻናል በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ ሁለት ቱነር ያስፈልግዎታል፤ ወይ ሁለት ቱነር ያለው ሪሲቨር፣ ወይ ሁለተኛ ተራ ሪሲቨር። ርካሹ መንገድ ሁለተኛው ነው፦ አንዱ ይቀዳል፣ በአንዱ ይታያል፣ ሁለቱ በተለያየ ኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካሉ። ሪሞታቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ግን በአንዱ ሲጫኑ ሁለቱም ይታዘዛሉ፤ ስለዚህ የተለያየ ዓይነት ሪሲቨር ይግዙ፣ ወይም የሚቀዳውን ሪሞት የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።

የሚበላሸው ኬብሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከዲሹ የመጣውን አንድ ኬብል በማከፋፈያ ለሁለት ይከፍለዋል። ኤልኤንቢው ግን ትዕዛዝ የሚቀበለው በዚያው ኬብል በሚላክለት ቮልቴጅ ነው፦ ለ V 13 ቮልት፣ ለ H 18 ቮልት። አንዱ ሪሲቨር 13፣ ሌላው 18 ሲልኩ ከፍ ያለው ያሸንፋል። አንዱ ሪሲቨር H ላይ ሳለ በሌላው ላይ የ V ቻናሎች ሁሉ «ሲግናል የለም» ይላሉ፣ የ H ቻናሎች ግን ደህና ናቸው። ይህን ምልክት ካዩ ዲሹን አያስነኩ፤ ዲሹ ጤነኛ ነው። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ካለው Loop Out ወደ ሁለተኛው መቀጠልም ከዚህ ብዙም የተሻለ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሲበራ ቮልቴጁን የሚወስነው እሱ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ባለሁለት መውጫ ኤልኤንቢ መትከልና ከዲሹ እስከ እያንዳንዱ ሪሲቨር የየራሱ ኬብል መዘርጋት ነው። ሁለት ሳተላይት የሚቀበሉ ከሆነ ሁለቱም ኤልኤንቢዎች ባለሁለት መውጫ ይሆናሉ፤ ስዊቹም ሁለት ያስፈልጋል፦ ከየኤልኤንቢው አንድ አንድ መውጫ ወደ መጀመሪያው ስዊች፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ሁለተኛው። በሁለቱም ስዊቾች ላይ ኢትዮሳቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ይሰካ፤ አንዱ ላይ 1፣ ሌላው ላይ 2 ከሆነ የሁለቱ ሪሲቨር ቅንብር ይለያይና ኋላ ለሚጠግነው ሰው ራስ ምታት ነው። ሁለት ቱነር ያለው ሪሲቨር ቢገዙም ይኸው ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት መግቢያዎች ሁለት ኬብል ይፈልጋሉ። በአንድ ኬብል ካገናኙት ሁለተኛው ቱነር የሚሠራው የመጀመሪያው ባለበት ሳተላይትና ፖላራይዜሽን ብቻ ነው።

የተቀዳው ሲጎዳ

ቀረጻው በቦታው ተገኝቶ ምስሉ ግን በየመሃሉ ካሬ ካሬ እየሆነ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንኑ ቻናል በቀጥታ ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱት። በቀጥታም ከተቆራረጠ ሲግናሉ ነው። የ Quality መስመሩ ዝቅ ካለ፣ በተለይ ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ሲዘንብ፣ የጠፋው የምስል ቁራጭ ተቀድቶም አይመለስም፤ ዲሹ በደንብ መስተካከሉን ማስፈተሽ ነው። በቀጥታ ጥሩ ሆኖ ፋይሉ ብቻ ከተቆራረጠ ፍላሹ ነው፤ ፎርማት አድርገው ይሞክሩ፣ ካልተሻለው ይቀይሩት።

ፋይሉ በሪሲቨሩ ላይ ተጫውቶ ኮምፒውተር ላይ ካልተገኘ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ። በብዙ ሪሲቨሮች ALIDVRS2 የሚል ፎልደር አለ፤ በውስጡ ለእያንዳንዱ ቀረጻ አንድ ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ ts የሚል መጨረሻ ያላቸው ፋይሎች ይገኛሉ። በ VLC ይከፈታሉ። የረዘመ ቀረጻ በተከታታይ ቁጥር ተቆራርጦ ስለሚቀመጥ በቅደም ተከተል ይክፈቷቸው። ፍላሹን ከሪሲቨሩ ሲነቅሉ ቀረጻ አለመኖሩን አይተው፣ ሜኑው ውስጥ Remove USB Safely የሚል ካለ እሱን ተጭነው ይንቀሉ፤ እየጻፈ ሳለ የተነቀለ ፍላሽ ላይ የሚጎዳው ያ አንድ ቀረጻ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ለዋናው ጨዋታ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ፦ ከአሁን ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚጀምር የ3 ደቂቃ ትዕዛዝ ይሙሉ፣ ሪሲቨሩን በሪሞት ያጥፉ፣ ሲነሳ በመሃሉ ወደ ሌላው ቻናል ይቀይሩ፣ ሲያልቅ ፋይሉን ከፍተው ይዩ። ፋይሉ 3 ደቂቃ ሙሉ ከሆነ ቅዳሜም ይቀዳል። ካጠረ ቻናል በቀየሩበት ቅጽበት መቋረጡን ያስተውሉ፤ ከሆነ ወደ ወረቀቱ ተመልሰው ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች ዳግም ያስተያዩ።